ልጁን ማን ያዘው? ስለ መመረቂያ ጽሑፍ የምስጋና ገጽ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ገጽ ብቻ ነው። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ፈታኞች ከሚፈርሙበት ገጽ ወዲያ፣ ከማውጫው ወዲህ ገባ ብሎ የሚገኘው፣ ቁጥሩም እንደ ዋናው ጽሑፍ ሳይሆን በሮማውያን ቁጥር የሚጻፈው፣ «ምስጋና» የሚባለው ገጽ ነው። ነጥብ አይሰጥበትም፤ አማካሪም ብዙውን ጊዜ አያርመውም። የሚጻፈውም ጽሑፉ ለጥረዛ ሊሄድ ሲል፣ በጥድፊያ ነው። አብዛኛው አንድ ዓይነት የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ አማካሪ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ ቤተሰብና ጓደኛ ይመጣል፤ ለሁሉም «ላደረጋችሁልኝ ያልተቆጠበ ድጋፍ» ይባላል። ካለፈው ዓመት ተመራቂ የተገለበጠና የሌላ ሰው አማካሪ ስም ሳይነሳ የቀረበት ገጽም አጋጥሞኛል።

ኬን ሃይላንድ የተባለው የቋንቋ ምሁር ሆንግ ኮንግ ውስጥ በ5 ዩኒቨርሲቲዎች የተጻፉ 240 የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎችን ምስጋና ሰብስቦ መርምሮ ነበር፤ ውጤቱ በ2003 እና በ2004 እ.ኤ.አ. ታተመ። በገጹ ውስጥ ሦስት ነገሮች አገኘ። አንደኛው ጸሐፊው ስላለፈበት መንገድ የሚያስብበት፣ ሁለተኛው የሚያመሰግንበት፣ ሦስተኛው «ስሕተት ካለ የእኔ ነው» የሚልበት ወይም ሥራውን ለአንድ ሰው መታሰቢያ የሚያደርግበት ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ያለ መካከለኛው ግን ምስጋና የለም። እኔም ዛሬ የምቆየው እዚያው መካከል ላይ ነው። ማደሪያ ውስጥ ተቀምጦ ለተማረ ወጣት የተለመደው አጻጻፍ ብዙ አይጎዳም። ቀን እየሠራች፣ ማታ ልጅ እያስተኛች ለተማረች ሴት ግን ያው አጻጻፍ ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ይደብቃል፤ አንዳንዴም ሳታውቀው ችግር ውስጥ ይከታታል።

ምሳሌ ልያዝ። የምነግራችሁ የአንዲት የማውቃት ሴት ታሪክ አይደለም፤ ባማከርኳቸውና በፈተንኳቸው ብዙ ተማሪዎች ካየሁት ለዚህ ንግግር ያቀናበርኩት ነው። ሴትየዋ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ናት። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ትልቋ 9 ዓመቷ፣ መካከለኛው 6፣ ትንሹ 2 ነው፤ ትንሹ የተወለደው ኮርስ ላይ እያለች ነው። የምትማረው ቅዳሜና እሁድ፣ በሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ ነው። ጥናቷ እናቶች የእርግዝና ክትትል ለምን ዘግይተው እንደሚጀምሩ ይመረምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ጉብኝት እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን ይመክራል። ብዙ እናቶች ግን ሆዳቸው ገፍቶ ነው የሚመጡት። ነርሷ ይህን ለማወቅ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዳ መጠይቅ አስሞልታለች፣ እናቶችንና በክትትል ክፍሉ ያሉ ባለሙያዎችን ደግሞ አነጋግራለች።

አሁን ምስጋናዋን ልትጽፍ ተቀምጣለች። የመጀመሪያ ረቂቋ «ባለቤቴን፣ እናቴን፣ ልጆቼንና የሥራ ባልደረቦቼን ከጎኔ ስለነበራችሁ አመሰግናለሁ» ይላል። ውሸት የለበትም፤ የሚነግረን ግን ምንም የለም። እንዲህ ያለ ረቂቅ ይዛ የምትመጣ ተማሪን እኔ ስለ ስሜቷ አልጠይቃትም። የምጠይቃት ስለ ሰዓት ነው። ይህን ጥናት የሠራሽው በስንት ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓት አንቺ መሆን የነበረብሽ ቦታ ላይ ማን ነበር?

እስቲ እንቁጠር። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ሰዓት ነው፤ የእሷ ደግሞ አዳር አለበት። ቅዳሜና እሁድ ክፍል ናት። እሑድ ማታ ልብስ ይታጠባል፣ የሰኞ ምሳ ዕቃ ይዘጋጃል። ስለዚህ መጻፍ የምትችለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ብትነሳ 10 ሰዓት ይሆናል። የ2 ዓመቱ ልጅ ግን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነቃል። ማን አነሳው? እናቷ ናቸው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረዋት ነው የሚኖሩት፤ ሕፃኑን ይዘው ወደ ሌላኛው ክፍል ይገባሉ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ክፍል ስትሆን ትልልቆቹን ማን ጠበቀ? ባልየው አንዱን ቅዳሜ ሲይዝ፣ ሌላውን የግቢው ጎረቤት ትይዛለች። ጤና ጣቢያው የክትትል ቀጠሮ የሚሰጠው ጠዋት ስለሆነ እናቶችን ማግኘት የምትችለው በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ነበር። ታዲያ ጠዋት ተረኛ ስትሆን ማን ገባላት? አንዲት ባልደረባዋ የራሷን አዳር ለእሷ ሰጥታ ጠዋቱን ወሰደችላት። ያቺ ባልደረባ ባትኖር ኖሮ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «መረጃው የተሰበሰበው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አይጻፍም ነበር።

በዚህ መንገድ ሲሄዱ አንድ ሰው ረቂቁ ውስጥ እንዳልነበረ ይታወቃል። የቤት ሠራተኛዋ ናት። እናትየው ሕፃኑን ይዘው ሲገቡ እሳት የምታነደው፣ ልጆቹን አጥባ አብልታ ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ባልየው መስክ ሲወጣ ቤቱን ብቻዋን የምትይዘው እሷ ነበረች። በሀገራችን እየሠሩ ልጅ እያሳደጉ የሚማሩ ሴቶች ጥናት ከጀርባው ብዙ ጊዜ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች፤ ካነበብኳቸው ምስጋናዎች ውስጥ ግን ስሟን ያየሁበት ጥቂት ነው። «ደመወዝ ይከፈላት የለ?» የሚለኝ አለ። አማካሪውም ደመወዝ ይከፈላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ራሳቸው የማታ ተማሪዎች የሆኑ የቤት ሠራተኞች አሉ። በምሳሌያችን ያለችው ልጅ 8ኛ ክፍል ናት እንበል። ነርሷ የዲፌንስ ዝግጅት ላይ ሳለች የልጅቱ ፈተና ደረሰና ሁለት ማታ ከክፍል ቀረች። ይህ ከምስጋናው ውስጥ ሊገባ የሚገባ ነገር ነው፤ ባይሆን እንኳ ነርሷ ልታውቀው ይገባል።

የረዳን ሰው ስም ሳይጠሩ ማለፍ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ብሩስ ሆልሲንገር የተባለ የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ወንድ ምሁራን በቆዩ መጻሕፍት ላይ ለሚስቶቻቸው የጻፉትን ምስጋና በትዊተር ማሰባሰብ ጀመረ፤ መለያውም «ስለ ትየባው አመሰግናለሁ» የሚል ነበር። ሚስትየው መጽሐፉን በሙሉ ተይባ፣ አርማ፣ አንዳንዴም መዛግብት አገላብጣ፣ ስሟ እንኳ ሳይጠራ «ባለቤቴ» ተብላ ታልፋለች። በእኛም ሀገር ኮምፒውተር በየቤቱ ሳይገባ በፊት በተጻፉ ጽሑፎች የታይፒስቷ ስም ምስጋናው መጨረሻ ላይ ይገኝ ነበር። በዚያ በኩል የቀድሞዎቹ ከእኛ ይሻሉ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሥራው ምን እንደነበረ በስሙ ይጠሩታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ሥራን በስሙ መጥራት ማለት ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ መናገር ነው፤ ፈታኝ ደግሞ ያነበዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጽሑፍ ሲደርሰኝ ከአጠቃሎው ቀጥሎ የማነበው ምስጋናውን ነው። ነርሷ ሁለተኛ ረቂቋ ላይ ለትልቋ ልጇ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «መጠይቁን አንድ በአንድ እያነበበችልኝ ኮምፒውተር ላይ እንዳስገባ ስለረዳችኝ»። ደስ የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ግን የተሞሉት መጠይቆች ተቆልፈው እንደሚቀመጡና ከአጥኚዋ በቀር ማንም እንደማያያቸው ይናገራል። መጠይቁ ላይ ስም ባይኖርም፣ ኮድ ብቻ ቢሆንም፣ የአንዲት እናት የወር አበባ መቼ እንደቀረ፣ ስንት ልጅ እንደሞተባት የሚናገር ወረቀት የ9 ዓመት ልጅ እጅ ገብቷል። የውጭ ፈታኙ ይህን ቢያነሳ መልስ የላትም። ማውጣት ያለባት ግን ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ሰርዛ ዝም ማለት ነገሩን መደበቅ ነው። ለአማካሪዋ መናገር፣ በዘዴው ምዕራፍ ላይም መረጃው እንዴት እንደገባ በሐቅ ማስተካከል አለባት። ልጇን የምታመሰግንበት ሌላ ነገር አይጠፋም።

የስታቲስቲክሱም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። በሥራ ላይ ያለ ተማሪ ጊዜ ስለሚያጥረው ኤስፒኤስኤስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። «ዳታውን ለተነተነልኝ ወንድሜ» ብላ ብትጽፍ ጥናቱ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ፕሮግራሙን አስተምሯት ትንተናውን እሷ ከሠራችው «የኤስፒኤስኤስ አጠቃቀም ላሳየኝ» ትበል። እሱ ሠርቶት ከሆነ ግን ችግሩ በምስጋና ቃላት የሚስተካከል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራው ግን መረጃ ሰጪዎችን በስም ማመስገን ነው። ነርሷ ቸር ሰው ናት፤ በጤና ጣቢያው የክትትል ክፍል ያሉትን ሦስቱን ሲስተሮች በስማቸው ጠርታ ልታመሰግን ትፈልጋለች። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደግሞ «ባለሙያ 2» የተባለችው «አለቃዬ ሰልፉ ሲበዛ እናቶችን ነገ ኑ እያልሽ መልሺ ይላል» ብላለች። ሦስት ስም ተጽፎ ሦስት ባለሙያ ከተጠቀሰ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ማን ምን እንዳለች ለማወቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ቃል የተገባው ምስጢር በምስጋና ገጽ ፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ የሰጠ ሰው በስም አይመሰገንም፤ የጤና ጣቢያው ስም በዋናው ጽሑፍ ተሸፍኖ ከሆነም ምስጋናው ላይ አይገለጥም። ይህን ማጣራት ቀላል ነው። ምስጋናው ካለቀ በኋላ ሦስተኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ አጠገቡ አድርጎ እያንዳንዱን ስም መፈለግ ነው።

የልጆች ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዱሮ ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነበር የሚቀመጠው። አሁን የዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማኅደር ውስጥ ስለሚገባ ማንም ሰው ስም ጽፎ ፈልጎ ያገኘዋል። የልጅን ሙሉ ስም፣ ዕድሜና ሕመም እዚያ ላይ ማስፈር ልጁ 20 ዓመት ሲሞላው «ማን ፈቀደልሽ?» የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል። የቤት ስም ይበቃል፤ ልጁ በቤት ስሙ ሲጠራ የበለጠ ደስ ይለዋል፤ ለሌላው ሰው ግን ማን እንደሆነ አይገለጥም።

ስለ መሥሪያ ቤት ባጭሩ። ሆስፒታሉ የትምህርት ክፍያዋን ከከፈለላትና ከምረቃ በኋላ ለማገልገል ውል ካስገባት ይህን በግልጽ መጻፍ ምስጋናም ነው፣ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ መረጃም ነው። ጥናቱ ስለዚያው መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የግድ ነው፤ ማን ገንዘቡን እንደከፈለ ሳያውቅ አንባቢ ግኝቱን መመዘን አይችልም።

«የበደለኝስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ፈቃድ የከለከለ አለቃ አለ፣ ረቂቁን ወራት ያስቀመጠ አማካሪ አለ። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ፣ አንድ የማስተርስ ተማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ፈታኞቹ ከፈረሙለት በኋላ «የማላመሰግናቸው» የሚል ክፍል ጨምሮ የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊዎች፣ የቤተ መጻሕፍቱን አስተዳደር፣ የቀድሞውን የግዛቲቱን ገዢ ሳይቀር በስድብ አዋረዳቸው። ዩኒቨርሲቲው ጽሑፉን አልቀበልም አለ፤ ዲግሪውም ለጊዜው ተያዘ። ተማሪው ከሰሰ፤ ጉዳዩ «ብራውን በሊ ላይ» ተብሎ ይታወቃል። በ2002 እ.ኤ.አ. የይግባኙ ፍርድ ቤት ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። ዲግሪውን በስተኋላ አግኝቷል፤ ያ ክፍል ግን ቤተ መጻሕፍት አልገባለትም። እኔ ከዚህ የምወስደው ፈታኞች ከፈረሙ በኋላ የሚጨመር ገጽም የጽሑፉ አካል ሆኖ መቆጠሩን ነው። ለከለከለ አለቃ የሚበቃው መልስ ደግሞ ስሙን አለመጥራት ነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማን እንደቀረ ያያል።

አሁን ነርሷ ሦስተኛ ረቂቋን ትጽፋለች። ጽሑፏ በእንግሊዝኛ ነው፤ እናቷ ደግሞ እንግሊዝኛ አያነቡም። ብዙ ክፍሎች ምስጋናው በሌላ ቋንቋ እንዲጻፍ አይከለክሉም፤ አስቀድማ ክፍሏን ትጠይቅና የቤተሰቡን አንቀጽ በአማርኛ ትጻፈው። እንዲህ ይሆናል፦

«ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። አማካሪዬ ዶ/ር እገሌ ረቂቁን አራት ጊዜ አንብበው፣ መጠይቁ እናቶች በሚናገሩት ቋንቋ እንደገና እንዲጻፍ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። የምሠራበት ሆስፒታል የትምህርት ክፍያዬን ሸፍኗል፤ እኔም በምትኩ ለማገልገል ውል ገብቻለሁ። ጊዜያቸውን የሰጡኝን እናቶችና ባለሙያዎች ቃል በገባሁት መሠረት ስማቸውን ሳልጠራ አመሰግናለሁ። ሲስተር እገሊት አዳሯን ለእኔ ሰጥታ ጠዋት ጠዋት በእኔ ቦታ ባትገባ ኖሮ ጤና ጣቢያ መሄድ አልችልም ነበር። እማዬ፣ ሌሊት ሌሊት ልጁን ይዘሽልኝ ጽፌያለሁ። ባለቤቴ እገሌ፣ ተራህ በደረሰ ቅዳሜ አንድም ቀን ቀርተህ አታውቅም። እትዬ እገሊት፣ ልጆቼ ከልጆችሽ ጋር ምሳ በልተዋል። እገሊት፣ ቤቱን ይዘሽልኛል፤ በእኔ ምክንያትም ከማታ ትምህርትሽ ቀርተሻል። ሚሚ፣ ማሙሽና ቢቢ፣ ‹ዛሬም ኮምፒውተሩ?› ብላችሁ መጠየቃችሁ ልክ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ የእኔ ብቻ ነው።»

ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ ተጠርቷል። ለባሏ «ከጎኔ ስለነበርክ» አላለችም፤ ቅዳሜን ነው የጠራችው። ለሠራተኛዋ የጻፈችውን ደግሞ ከመታተሙ በፊት ልታነብላት ይገባል፤ ልጅቱ ከክፍል መቅረቷ እንዲጻፍ ላትፈልግ ትችላለች። ለባልደረባዋም እንዲሁ ነው፤ ተራ መለዋወጡ ያለ ኃላፊው ፈቃድ ከነበረ መጻፉ ባልደረባዋን ያስጠይቃታል፣ ያኔ «በሥራ ስላገዘችኝ» ብሎ ማለፍ ይሻላል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ስለሚፈልግ ምስጋናው በጥረዛ ዋዜማ የሚጻፍ መሆን የለበትም። ተማሪዎቼን የምላቸው ጥናቱ ሲጀመር በደብተራቸው መጨረሻ አንድ ገጽ ክፍት እንዲተዉ፣ ሰው ሰዓት በሰጣቸው ቁጥር ቀኑንና ሥራውን እንዲጽፉበት ነው፤ ሁለትና ሦስት ዓመት አልፎ ማን ምን እንዳደረገ ማስታወስ አይቻልም።

በመጨረሻም ከእንዲህ ያለ ንግግር በኋላ አንዲት ተማሪ አስቀርታ የጠየቀችኝን ልመልስና ላብቃ። ጥናቱ ሲጀመር ባለትዳር ነበረች፣ ሲያልቅ ተፋትታለች። የቀድሞ ባሏ መጀመሪያ ዓመት ልጆቹን ይይዝላት ነበር፤ ይመሰገናል ወይ አለችኝ። «የያዘበትን ጊዜ ጥቀሺ፣ ‹የልጆቼ አባት› በይው፣ ስለቀረው ምንም አትጻፊ» አልኳት። እሷም ሄዳ እንደዚያው ጻፈች፤ ያነበቡት ፈታኞች የጠየቋት ስለ ናሙና አመራረጧ ብቻ ነው።